የዴክሳ ውጤት፦ ከቁጥሩ በፊት ምስሉን ማየት

ዴክሳ የሚባለውን የአጥንት እፍጋት ምርመራ ያደረገ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ ቀጥታ የሚሄደው ታች ወደተጻፈችው አንዲት ቁጥር ነው። "ከ−2.5 በታች ነው ወይስ በላይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶም ይሄዳል። ይሁን እንጂ ያች ቁጥር የተወለደችው ከጎኗ ከታተመችው ጭጋጋማ ምስል ነው። ምስሉ ላይ ስህተት ካለ ቁጥሯም ተሳስታለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የአንዲትን የ67 ዓመት እናት ውጤት በምሳሌነት ወስደን ቁጥሩንም ምስሉንም ጎን ለጎን እናነባለን። ሴትዮዋ ለማብራሪያ የተዘጋጁ ምሳሌ ናቸው፤ የሚገጥማቸው ችግር ግን የሕክምና ምስል በሚነበብባቸው ክፍሎች ውስጥ በየጊዜው የሚታይ ነው።

ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

```
Region         BMD (g/cm²)   T-score
L1             0.694         -2.1
L2             0.775         -2.3
L3             0.963         -1.1
L4             1.061         -0.5
L1-L4          0.891         -1.4
Femoral neck   0.570         -2.4
Total hip      0.710         -1.9
```

L1 እስከ L4 የታችኛው ጀርባ አራት አንጓዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። Femoral neck የጭን አጥንት አንገት ነው፤ ከዳሌው መገጣጠሚያ ኳስ ወደ ጭኑ የሚያገናኘው ቀጭኑ ክፍል። Total hip ደግሞ አንገቱን ጨምሮ የጭን አጥንቱን የላይኛ ክፍል በጠቅላላ የሚይዝ ልኬት ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ

ዴክሳ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያላቸው የራጅ ጨረሮችን በሰውነት ውስጥ ያሳልፋል። ሥጋና አጥንት ሁለቱን ጨረሮች በተለያየ መጠን ስለሚያግዱ መሣሪያው የሥጋውን ድርሻ ቀንሶ የማዕድኑን ድርሻ ብቻ ያስቀራል። ከዚያም የማዕድኑን ክብደት አጥንቱ በምስሉ ላይ ለሸፈነው ስፋት ያካፍላል። BMD የሚባለው ይህ ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስንት ግራም ማዕድን አለ ማለት ነው። የጨረሩ መጠን በጣም አነስተኛ ነው፤ ከተራ የጀርባ ራጅ ጋር እንኳ አይወዳደርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ልኬቱ በስፋት እንጂ በይዘት የተሠራ አይደለም፤ የአጥንቱ ውፍረት አይቆጠርም። በዚህ የተነሳ ሁለት ሰዎች እኩል የጠበቀ አጥንት ቢኖራቸውም፣ አጥንቷ ትንሽ የሆነው አጭርና ቀጭን ሴት ዝቅ ያለ ቁጥር ታገኛለች። ሐኪም ቁጥሩን ከሰውነት መጠን ጋር አገናዝቦ ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

BMD ለብቻው ትርጉም ስለማይሰጥ ከወጣት አማካይ ጋር ይነጻጸራል። የወጣቶች አጥንትም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ከአማካዩ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ያ መለያየት በተለምዶ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይባላል፤ እንደ አንድ የደረጃ እርከን ቢቆጥሩት ይገባዎታል። ቲ-ስኮር የሚነግርዎ ከወጣቱ አማካይ ስንት እርከን እንደወረዱ ነው።

በእኚህ እናት የጭን አንገት እናስላው። ለዚህ ቦታ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መነሻ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ጥናት ላይ ከተለኩ ከ20 እስከ 29 ዓመት ከሆናቸው ነጭ ሴቶች የተገኘ ነው፤ አማካዩ 0.858፣ እርከኑ 0.120 ነው።

```
T = (0.570 - 0.858) / 0.120 = -2.4
```

የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ካወጣው መመዘኛ የተወሰደው ድንበር ይህን ይመስላል። ቲ-ስኮር −1.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጤናማ ይባላል። ከ−1.0 በታች ሆኖ −2.5 ያልደረሰው ኦስቲዮፔኒያ ነው፤ አጥንቱ ቀንሷል፣ ግን ገና የበሽታውን ስም አልያዘም። −2.5 እና ከዚያ በታች ኦስቲዮፖሮሲስ፣ ማለትም የአጥንት መሳሳት ነው። መመዘኛው የሚሠራው ላረጡ ሴቶችና 50 ዓመት ለሞላቸው ወንዶች ነው። ከአከርካሪው፣ ከጭን አንገቱና ከአጠቃላይ ዳሌው ዝቅተኛው ቁጥር ይወሰዳል፤ አማካይ አይወጣም። አንዳንድ ወረቀት ላይ Ward's የሚል መስመር ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ሰውን ያስደነግጣል፤ ለምርመራ ውሳኔ ግን አይውልም።

ቲ-ስኮር ለወጣቶች አይሆንም። ላላረጠች ሴትና ከ50 ዓመት በታች ለሆነ ወንድ የሚነበበው ዜድ-ስኮር ነው፤ እሱም ሰውየውን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ያነጻጽራል። −2.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ "ለዕድሜው ከሚጠበቀው በታች" ይባላል እንጂ በእሱ ብቻ የአጥንት መሳሳት አለብህ አይባልም። ቀጣዩ ሥራ መንስኤ ፍለጋ ነው፦ የታይሮይድ ወይም የፓራታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን፣ ምግብ በአንጀት በደንብ አለመመጠጥ፣ የቫይታሚን ዲ ከባድ እጥረት። በተለይ የመጨረሻው መዘንጋት የለበትም። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ ፀሐይ የማያገኛቸው ሴቶች ላይ አጥንቱ ሳይሳሳ በማዕድን እጦት ሊለሰልስ ይችላል። ዴክሳ ማዕድን ብቻ ስለሚቆጥር ሁለቱን አይለይም፤ በሁለቱም ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ በደም ምርመራ ይገኛል።

አሁን ምስሉን እንይ

በወረቀቱ መሠረት የእኚህ እናት አከርካሪ −1.4 ነው፤ ቀለል ያለ ይመስላል። አራቱን አንጓዎች አንድ በአንድ ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። L1 እና L2 ከ−2 በታች ሆነው ሳለ L3 ወደ −1.1 ዘለለ፣ L4 ደግሞ −0.5 ደረሰ። በአንድ ጀርባ ላይ ያሉ ጎረቤት አንጓዎች እንዲህ አይራራቁም። ከአጠገቡ ካለው አንጓ ከ1.0 በላይ በቲ-ስኮር የተለየ አንጓ ይጠረጠራል፤ በL2 እና በL3 መካከል ያለው ልዩነት 1.2 ነው።

ምስሉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል። L3 እና L4 ጠርዛቸው ላይ ነጭ ጉጥ አብቅለዋል፤ በመካከላቸው ያለው ዲስክ ጠብቧል፤ የኋላ መገጣጠሚያዎቻቸውም ነጣ ብለዋል። ይህ በዕድሜ ብዛት የሚመጣ የአከርካሪ መበላሸት ነው። ትርፍ የበቀለው አጥንት ሸክም አይችልም፤ መሣሪያው ግን ማዕድን ሆኖ ስላገኘው ይቆጥረዋል። ከአከርካሪው ፊት ለፊት የሚያልፈው ትልቁ የደም ቧንቧ በካልሲየም ሲጠጥርም ተመሳሳይ ጥፋት ያመጣል። የተጨፈለቀ አንጓም እንዲሁ ነው፦ ማዕድኑ እዚያው አለ፣ ስፋቱ ግን አንሷል፤ ስለዚህ የተሰበረው አጥንት በወረቀቱ ላይ ከጤናማው የጠነከረ መስሎ ይታያል። በእነዚህ ሁሉ ስህተቱ የሚያደላው ወደ ማጽናናት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

መፍትሔው የተበላሹትን አንጓዎች አውጥቶ በቀሩት ማስላት ነው፤ ቢያንስ ሁለት አንጓ መቅረት አለበት። L3 እና L4 ሲወጡ የL1 እና L2 የጋራ ውጤት −2.2 ሆነ። አንድ አንጓ ብቻ ቢቀር ኖሮ አከርካሪው ለምርመራ አይውልም ነበር፤ ዳሌው ብቻ ይወሰዳል። ዳሌውም የማይለካ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሁለቱም በኩል የብረት መገጣጠሚያ ከገባ፣ የክንድ አጥንት ይለካል።

የአከርካሪውን ምስል ሲመለከቱ ቀጥ ብሎ መሐል ላይ መቆሙን፣ ከላይ የመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ጫፍ፣ ከታች ደግሞ የሁለቱም ዳሌ አናት መታየቱን ይፈትሹ። እነዚህ ካልታዩ አንጓዎቹ በትክክል መቆጠራቸውን ማረጋገጥ አይቻልም። የደረቱ የመጨረሻ አንጓ በስህተት L1 ተብሎ ከተቆጠረ፣ እሱ በተፈጥሮው አነስ ያለ ማዕድን ስላለው ውጤቱ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል። በዳሌው ምስል ላይ ደግሞ የጭኑ አጥንት ቀጥ ማለት አለበት፤ በውስጥ በኩል ያለችው ትንሽ ጉብታ በጥቂቱ ብቻ ብቅ ማለት ይኖርባታል። ጉብታዋ ጎልታ ከወጣች እግሩ ወደ ውስጥ በበቂ አልዞረም ማለት ነው። ያን ጊዜ የጭኑ አንገት በምስሉ ላይ አጥሮ ይታያል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ ይርቃል። ባለሙያው እግርዎን ወደ ውስጥ አዙሮ ከመደገፊያ ጋር የሚያስረው ለዚህ ነው፤ ካልመቸዎት ይንገሩት፣ በራስዎ ግን አያላሉት።

ዝግጅቱ ቀላል ቢሆንም ሲዘነጋ ዋጋ ያስከፍላል። በምርመራው ቀን የካልሲየም ክኒን አይውሰዱ፤ ያልሟሟ ክኒን አንጓው ላይ አርፎ እንደ አጥንት ይቆጠራል። በቅርቡ ባሪየም ጠጥተው ወይም ለሲቲ ስካን የማቅለሚያ መድኃኒት ተወግተው ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በላይ መቆየት ያስፈልጋል። ዚፕ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የጡት መያዣ መንጠቆ መውለቅ አለባቸው።

የመሳሳቱ መልክ በራጅ

እስካሁን ባየነው መሠረት የእኚህ እናት ዝቅተኛ ቁጥር የጭን አንገታቸው −2.4 ነው። በድንበሩ ብቻ ከሄድን ኦስቲዮፔኒያ ተብለው ይመለሳሉ። ሆኖም በወጣትነታቸው 163 ሴንቲሜትር የነበረው ቁመታቸው ዛሬ 158 ነው። ቲ-ስኮሩ ከ−1.0 በታች ለሆነ ሰው ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ማጠር ጀርባን በጎን በኩል ለማንሳት በቂ ምክንያት ነው። ይህ እዚያው ዴክሳው ላይ ወይም በተራ ራጅ ሊነሳ ይችላል።

የሚፈለገው ነገር እንዲገባን አንጓው ከውስጥ ምን እንደሚመስል እንይ። አንጓ ድፍን ድንጋይ አይደለም። በቀጭን ቅርፊት የተሸፈነ፣ ውስጡ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ በቋሚና በማገር የተዋቀረ ነው። ቋሚዎቹ የሰውነትን ክብደት ይሸከማሉ፤ ማገሮቹ ቋሚዎቹን ያያይዛሉ። አጥንት ሲሳሳ ቀድመው የሚጠፉት ማገሮቹ ናቸው። ማገር የሌለው ቋሚ ደግሞ ሸክም ሲበዛበት ይለመጣል። ለዚህ ነው በራጅ ላይ የሳሳ አንጓ ወደ ላይ የቆሙ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ የቀሩበት፣ መሐሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው ግን በቀጭን እርሳስ እንደተሰመረ ክፈፍ የሚሆነው። ቆይቶ ዲስኩ የሳሳውን አንጓ ከላይና ከታች ይጫነውና መሐሉ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ የዓሣ አከርካሪ ቅርጽ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ራጅ ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው። መጥቆሩ በዓይን እስኪለይ ድረስ ከማዕድኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ሊጠፋ ይችላል፤ በዚያ ላይ የጨረሩ መጠንና የሰውየው ውፍረት መልኩን ይቀያይሩታል። ስለዚህ "ራጁ ደህና ነው" ማለት አጥንቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ራጅ በእርግጠኝነት የሚያሳየው ስብራትን ነው።

በእኚህ እናት የጎን ምስል ላይ የመጨረሻው የደረት አንጓ፣ T12፣ ፊቱ ወርዶ ሽብልቅ መስሏል። የኋላ ቁመቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ የፊቱ 17 ሚሊ ሜትር ነው። የጠፋው 8 ሚሊ ሜትር የ25ቱ 32 በመቶ ይሆናል። ከ20 እስከ 25 በመቶ ቁመት ማጣት ቀላል፣ ከ25 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ40 በላይ ከባድ ይባላል፤ የእሳቸው መካከለኛ ነው። ወድቀው አያውቁም፤ "ወገቤን ያዘኝ" ብለው ለሁለት ሳምንት ያህል ተኝተው ያለፉት ሕመም ብቻ ትዝ ይላቸዋል። አብዛኞቹ የአንጓ ስብራቶች እንዲህ ሳይታወቁ የሚያልፉ ናቸው። T12 ከL1 በላይ ስለሆነ ተራው የዴክሳ ልኬት ውስጥ አልገባም፤ የጎን ምስሉ ባይነሳ ኖሮ ሳይታይ ይቀር ነበር።

ይህ ግኝት ውሳኔውን ይለውጣል። ያለ ከባድ አደጋ የመጣ የአንጓ ወይም የዳሌ ስብራት ያለበት ሰው፣ ስብራቱ ሌላ መንስኤ እንደሌለው ከተረጋገጠ፣ ቲ-ስኮሩ ምንም ይሁን ምን ኦስቲዮፖሮሲስ አለበት። ደግሞም አንድ አንጓ የተሰበረበት ሰው ሌላው የመሰበር ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ −2.4 እና −2.5 መካከል ያለችው ነጥብ እዚህ ዋጋ የላትም።

"ሌላ መንስኤ እንደሌለው ከተረጋገጠ" የሚለው ሐረግ በኢትዮጵያ በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። የወረደ አንጓ ሁሉ የመሳሳት ውጤት አይደለም፤ የአከርካሪ ቲቢም አንጓ ያፈርሳል። ልዩነቱን ለማየት ዲስኩን ይመልከቱ። በመሳሳት የተጨፈለቀ አንጓ አጠገብ ያለው ዲስክ ባለበት ይቆያል፤ የአንጓው ጠርዝም ወደ ውስጥ ቢጎብጥ እንጂ አይበላም። ቲቢ ግን በአብዛኛው ሁለት ጎረቤት አንጓዎችን ይይዛል፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ጠርዞቻቸውን ይበላል፣ በመካከላቸው ያለውን ዲስክም ያጠባል፤ በአጠገቡ የመግል ከረጢት ሊኖር ይችላል። ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ትቶ የአንጓውን የኋላ ግድግዳ ወደ ነርቭ መተላለፊያው ይገፋል፣ የኋላ እግሮቹንም ይበላል። የመሳሳት ስብራት የሚያዘወትረው በደረቱ መካከልና ደረትና ወገብ በሚጋጠሙበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ውጪ በላይኛው ደረት ላይ ለብቻው የተጨፈለቀ አንጓ ከተገኘ በመሳሳት ብቻ አያሳቡት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የእግር መዛል ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ሲኖር ኤምአርአይ ይለያል፤ ስብራቱ አዲስ ይሁን የቆየም የሚነግረው እሱ ነው። በአዲስ ስብራት የአንጓው መቅኒ በእርጥበት ተሞልቶ ይታያል፤ በቆየው ግን ወደ ተለመደው መልኩ ይመለሳል።

ሁለተኛው ምርመራ

ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ የእኚህ እናት አጠቃላይ ዳሌ ከ0.710 ወደ 0.731 ከፍ አለ እንበል። ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ጭማሪው 0.021 ነው፤ ይህም 3 በመቶ ያህል ነው። ነገር ግን ያንኑ ሰው በዚያው ቀን ከአልጋው አውርደው ዳግም ቢያስተኙት ቁጥሩ በትክክል አይደገምም፤ የአተኛኘቱና የእግሩ አቀማመጥ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማዕከል ባለሙያዎቹ ስንት እንደሚሳሳቱ በራሱ ታካሚዎች ላይ መለካትና ከዚያ ወዲያ ያለውን ለውጥ ብቻ እንደ እውነተኛ መቁጠር አለበት። ዓለም አቀፉ መመዘኛ የሚፈቅደው ከፍተኛ የመሳሳቻ ድንበር ለአከርካሪ 5.3 በመቶ፣ ለአጠቃላይ ዳሌ 5.0 በመቶ፣ ለጭን አንገት 6.9 በመቶ ነው። ጥሩ ማዕከል ከዚህ ያነሰ ድንበር ይኖረዋል። ድንበሩ 5.0 በሆነበት ማዕከል የእሳቸው 3 በመቶ "አልተለወጠም" ተብሎ ይነበባል። ይህ ደግሞ መጥፎ ዜና አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ አጥንት ባለበት መቆየቱ ራሱ ሕክምናው እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። በተመሳሳይ 2 በመቶ ቢወርድ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ማቋረጥ ስህተት ነው።

ለንጽጽር የሚያገለግለው በግራም የተጻፈው BMD ነው፤ ቲ-ስኮር አይደለም። መሣሪያው የሚነጻጸርበት የወጣቶች መረጃ በሶፍትዌር ማሻሻያ ሲለወጥ አጥንቱ ሳይነካ ቲ-ስኮሩ ሊቀየር ይችላል። በመጀመሪያው L1 እና L2 ብቻ ተለክተው ከሆነ በሁለተኛውም እነሱ ብቻ መለካት አለባቸው፤ −1.4 የሚለውን የአራቱን ውጤት ከ−2.2 ጋር አስተያይቶ "አጥንትዎ ወርዷል" ማለት ቀልድ የሌለው ስህተት ነው። የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች የአጥንቱን ጠርዝ በተለያየ መንገድ ስለሚያሰምሩ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ የሉናር መሣሪያ በዚያው አከርካሪ ላይ ከሆሎጂክ መሣሪያ ጉልህ ከፍታ ያለው BMD ያወጣል። አንዱን ምርመራ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያደረገ ሰው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አጥንቱ ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት አይችልም። ከተማ የሚቀይር ሰው ከቁጥሩ ገጽ በተጨማሪ ምስሎቹ ያሉበትን ገጽ፣ የመሣሪያውን ስምና ሞዴል፣ የትኞቹ አንጓዎችና የትኛው ዳሌ እንደተለኩ የሚገልጸውን ይዞ ይሂድ፤ የሚቀበለው ሐኪም በአዲሱ መሣሪያ ላይ የመጀመሪያውን ልኬት እንደ አዲስ መነሻ ይቆጥረዋል።